በቴሌግራም የወጣ የሥራ ማስታወቂያን እስከ ምንጩ መከተል፦ የአንዲት የሒሳብ ምሩቅ ጉዳይ

## የጉዳዩ መነሻ

ብዙ ጊዜ ስለ ሐሰተኛ የሥራ ማስታወቂያ ሲነገር ማስታወቂያው ከነጭራሹ የተፈጠረ፣ ድርጅቱ የሌለ ወይም ቦታው ያልተከፈተ ተደርጎ ነው። እዚህ የምመዘግበው ጉዳይ ግን ከዚህ ይለያል። ድርጅቱ ነበረ፤ ቦታው ተከፍቶ ነበር፤ ማስታወቂያውም በጋዜጣ ወጥቷል። ሐሰት የነበረው አንድ መስመር ብቻ ሲሆን እሱም ማመልከቻው የሚላክበት አድራሻ ነው።

ባለጉዳይዋ የሰፈሬ ልጅ ናት። ከአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ አያያዝ ተመርቃ፣ የመውጫ ፈተናውንም በመጀመሪያው ሙከራ አልፋ፣ ሥራ ለመፈለግ አዲስ አበባ ጀሞ አክስቷ ቤት ገብታለች። ዕድሜዋ 24 ዓመት ነበር፤ የሥራ ልምድ አልነበራትም። እኔ በአንድ የማምረቻ ድርጅት የሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል ለረዥም ዓመታት ሠርቻለሁ፤ የቅጥር ማስታወቂያ ሳረቅቅና አመልካች ስመዘግብ ስለኖርኩ አክስቷ «እስቲ ልጅቷን አንድ ነገር በላት» ብለው ወደ እኔ ላኳት። አብረን የሠራነው በ2017 ዓ.ም. ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ሲሆን ከዚህ በታች ያለው በደብተሯ ላይ ከተመዘገበው የተወሰደ ነው።

## የነበረው ችግር

ወደ እኔ ስትመጣ በስልኳ 14 የሥራ ማስታወቂያ ቻናሎችን ትከታተል ነበር። ከእነዚህ በተጨማሪ የዩኒቨርሲቲ ባቾቿ ግሩፕ፣ የሒሳብ ባለሙያዎች ግሩፕ እና አክስቷ ያሉበት የሰፈር ሴቶች ግሩፕ ነበሩ። በቀን ከመቶ የማያንስ መልእክት ይገባላት ነበር። ከሁለት ወር በፊት ደግሞ «የፎርም መሙያ» ተብላ 1,500 ብር ከፍላ ገንዘቡም ሰውዬውም ጠፍተውባታል። ከዚያ ወዲህ በሁለት ጠባይ መካከል ትዋልል ነበር፤ አንዳንድ ቀን ያየችውን ሁሉ ትልካለች፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ «ሁሉም ሌባ ነው» ብላ ስልኩን ታስቀምጣለች።

ችግሩን ቁጭ ብለን ስንመለከተው ማጭበርበሩ አንዱ ክፍል ብቻ መሆኑ ታየን። እሱን የሚያህል ጉዳት ያደርስባት የነበረው የቀን መጥፋት ነው። የአገራችን የቅጥር ማስታወቂያ በአብዛኛው «ይህ ማስታወቂያ በጋዜጣ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 5 ተከታታይ የሥራ ቀናት ውስጥ» ብሎ ይዘጋል። ቻናሉ ጽሑፉን ሲገለብጥ የጋዜጣውን ስምና ቀን ይተወዋል። አንባቢዋ አምስቱን ቀን ከየት ጀምራ ትቁጠር? ቻናሉ የለጠፈው ጋዜጣው ከወጣ በአራተኛው ቀን ከሆነ የቀራት አንድ ቀን ነው፤ ከሳምንት በኋላ ከሆነ ደግሞ ምዝገባው ተዘግቷል። ከሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ በተዘጋ ምዝገባ ላይ የታክሲ ገንዘብ አውጥታ ሄዳ ተመልሳለች።

ስለዚህ ማረጋገጥ ስንል ሁለት ነገር ማለታችን ነበር፤ አንደኛው ማስታወቂያው ከቀጣሪው የመጣ መሆኑን ማወቅ፣ ሁለተኛው አሁንም ክፍት መሆኑን ማወቅ። ሁለቱንም የሚመልሰው የመጀመሪያውን ቅጂ ማግኘት ነው።

## ደብተሩና የቻናሎቹ ማጣሪያ

በመጀመሪያ ያደረግነው አንድ ባለ መስመር ደብተር መክፈት ነበር። ማስታወቂያው የታየበት ቀንና ቻናል፣ የቀጣሪው ስም፣ መጀመሪያ የወጣበት ቦታ፣ ምዝገባው የሚዘጋበት ቀን፣ የማመልከቻው አድራሻ በሙሉ ፊደሉ፣ በመጨረሻም «ምን ሆነ» የሚል ዓምድ አበጀን። «መጀመሪያ የወጣበት» የሚለው ዓምድ ባዶ ከሆነ ማመልከቻ አይላክም ተባባልን። ይህ ደንብ በኋላ እንደሚታየው አንዴ ጎድቶናል፣ ሆኖም ያለ እሱ መጀመር አንችልም ነበር።

ለሁለት ሳምንት ከመዘገብን በኋላ ቻናሎቹን አጣራን። የተከታይ ብዛት ምንም እንደማይነግር ቶሎ ገባን። እጅግ ብዙ ተከታይ ካላቸው ሁለቱ ማስታወቂያ በጽሑፍ ብቻ ይለጥፉ ነበር፤ ምንጭ አይጠቅሱም፤ አስተያየት መስጫውንም ዘግተዋል፤ ከአንዱ ማስታወቂያ ወደ ሌላው «ተከፍሎበት የወጣ» ነገር ይቀላቅላሉ። በአንጻሩ ተከታዮቹ ጥቂት የሆኑ አንድ ቻናል ግን የጋዜጣውን ቁራጭ ፎቶ አንስቶ፣ ከላይ የጋዜጣውን ስምና ቀን ጽፎ ያወጣ ነበር። የሪፖርተር ጋዜጣ የረቡዕና የእሑድ እትሞች በወጡበት ጠዋት ይለጥፋል፤ የአዲስ ዘመንንም እንዲሁ። ከ14ቱ ውስጥ አምስቱን አስቀረን፤ አምስቱም ወይ የጋዜጣ ቁራጭ ፎቶ የሚያወጡ፣ ወይም ወደ ቀጣሪው የራሱ ድረ ገጽ የሚወስድ ማስፈንጠሪያ የሚያስቀምጡ ነበሩ።

የተተዉትን ቻናሎች ከስልኳ አላጠፋናቸውም። ድምፃቸውን ዘግተን ማታ ማታ ለፍንጭ ያህል እንድታያቸው አደረግን። አንድ ነገር ካየች በአምስቱ ውስጥ በቀጣሪው ስም ትፈልጋለች፤ ካጣች ጠዋት አራት ኪሎ ሄዳ ከጋዜጣ አከራዮች ዘንድ የሳምንቱን እትሞች ታገላብጣለች። እኛ በወጣትነታችን ያደረግነው ነው፤ አሁንም ይሠራል። በጥቂት ብር ሁለት ሦስት ጋዜጣ ማየት ይቻላል፤ አጠገቧ ከተቀመጡት ሥራ ፈላጊዎች የምትሰማውም ከቻናሉ የማይተናነስ ነበር።

## ዋናው ማስታወቂያ

በኅዳር ወር አንድ ማክሰኞ ማታ፣ ድምፁ ከተዘጋ አንድ ቻናል ላይ የሚከተለውን አየች። ገላን አካባቢ የሚገኝ፣ ፓስታና ብስኩት የሚያመርት የታወቀ ፋብሪካ አራት «ጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ» ይፈልጋል፤ የሥራ ልምድ 0 ዓመት፤ ደመወዝ በስምምነት። ከሥር «ሲቪና የትምህርት ማስረጃችሁን በዚህ ቴሌግራም አድራሻ ላኩ» የሚል ነበረበት።

ደንባችንን ተከትላ በአምስቱ ቻናሎች ፈለገች። የጋዜጣ ቁራጭ የሚያወጣው ቻናል በዚያው ሳምንት እሑድ ጠዋት ማስታወቂያውን ለጥፎት ነበር። የፋብሪካው ስም፣ የቦታው መጠሪያ፣ የሰው ብዛት፣ የትምህርት ደረጃው አንድ ናቸው። በደብተሯ «መጀመሪያ የወጣበት» በሚለው ዓምድ የጋዜጣውን ስምና እሑድን ጻፈች፤ «ተረጋግጧል» ብላ ምልክት አደረገችበት፤ ከዚያም ተመልሳ በማክሰኞው ማስታወቂያ ላይ ወዳለው የቴሌግራም አድራሻ ሲቪዋን፣ የዲግሪዋን ቅጂና የመታወቂያዋን ፎቶ ላከች።

ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው፤ በስንፍና ወይም በየዋህነት የመጣም አይደለም። ደንቡን ጠብቃለች። ደንቡ ግን ጎዶሎ ነበር፤ የማስታወቂያውን መኖር እንድታረጋግጥ እንጂ የአድራሻውን ትክክለኛነት እንድታመሳክር አላዘዘም። የጋዜጣው ቁራጭ የመጨረሻው መስመር «አመልካቾች ዋናውንና የማይመለስ ኮፒውን በመያዝ በድርጅቱ የሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል በአካል በመቅረብ» ይላል። የቴሌግራም አድራሻ የሚባል ነገር የለበትም። በፎቶው ላይ ያ መስመር በትናንሽ ፊደላት ከታች ነበር፤ ለማንበብ በጣት መሳብ ያስፈልግ ነበር፤ እሷም አልሳበችውም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መልስ መጣ። «እንኳን ደስ አለዎት፣ ለቃለ መጠይቅ ተመርጠዋል» ይላል፤ የፋብሪካው ዓርማ ያለበት ደብዳቤም ተያይዟል። ዓርብ ጠዋት ደግሞ ለጤና ምርመራ፣ ለመታወቂያ ካርድና ለደንብ ልብስ ማስያዣ 1,850 ብር እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ካልከፈለች ዕድሉ ለተጠባባቂ እንደሚተላለፍ ተጻፈላት። ገንዘቡ ከቅጥር በኋላ ተመላሽ ይሆናል ተብሏል።

## ዓርብ

ወደ እኔ የመጣችው ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ ነበር። አክስቷ ገንዘቡን ሊሰጧት ተዘጋጅተው ነበር፤ «ጋሼን ሳታማክሪ እንዳትልኪ» ያሏት እሳቸው መሆናቸውን ግን መመዝገብ ይገባል።

ደብዳቤውን ሳየው የመጀመሪያው ጥርጣሬ ያደረብኝ ከዓርማውም ከማኅተሙም አልነበረም። ሁለቱም ከድርጅቱ ገጽ ተቆርጠው ሊለጠፉ ይችላሉ፤ ደህና ተደርገውም ተለጥፈዋል። ያጠራጠረኝ ቀኑ ነው። ማስታወቂያው እሑድ ወጥቶ አምስት የሥራ ቀን ከሰጠ ምዝገባው ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው። እንግዲህ ሐሙስ ዕለት ምዝገባው ገና አልተዘጋም። አመልካች ተመዝግቦ ሳያልቅ የተመረጠ ሰው ከየት ይመጣል? በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ ምዝገባ ይዘጋል፣ ማስረጃ ይጣራል፣ ከዚያ የተመረጡት ዝርዝር በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፋል ወይም በስልክ ይጠራል። ይህ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይወስዳል።

ከዚያ የገንዘቡን አድራሻ ተመለከትን። የተሰጠው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሒሳብ ቁጥር ነበር። በባንኩ የሞባይል መተግበሪያ ላይ ገንዘብ ለማስተላለፍ የሒሳብ ቁጥሩን ሲያስገቡ፣ ማስተላለፉን ከማጽደቅዎ በፊት የባለ ሒሳቡ ስም ይታያል። ቁጥሩን አስገባን። የአንድ ግለሰብ ሙሉ ስም ወጣ፤ የፋብሪካው ስም አልነበረም። ሳናጸድቅ ወጣን። ይህ ምንም ወጪ የሌለው፣ ግማሽ ደቂቃ የማይፈጅ ማጣሪያ ነው። ድርጅት በግለሰብ ሒሳብ ገንዘብ አይሰበስብም፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ ለመቅጠር ገንዘብ አይሰበስብም።

ይህ ሁሉ ግን ጥርጣሬ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። ማረጋገጫው ቀጣሪውን ራሱን፣ ማስታወቂያው በማይሰጠው መንገድ ማግኘት ነው። በደብዳቤው ላይ ያለው ስልክ ዋጋ የለውም፤ ደውለን ብንጠይቅ የሚያነሳው ራሱ አጭበርባሪው ነው። አክስቷ ወጥ ቤት ገብተው የፋብሪካውን የፓስታ ማሸጊያ ይዘው መጡ። ከጀርባው የድርጅቱ የሽያጭ ክፍል የመስመር ስልክ ታትሟል። ደወልን፤ የሽያጭ ሠራተኛዋ ወደ ሰው ሀብት ክፍል አስተላለፈችን። መልሱ አጭር ነበር፦ «ማስታወቂያው የእኛ ነው፤ በቴሌግራም አንመዘግብም፤ ገንዘብ አንቀበልም፤ ምዝገባው ዛሬ 11 ሰዓት ላይ ይዘጋል።»

ስልኩን የዘጋነው 7 ሰዓት ተኩል ሲሆን ነው። ያን ጊዜ ያደረግነው ሩጫ ከሐሰቱ ማስታወቂያ የተረፈው ብቸኛ ጥቅም ነው። ዋናውን ዲግሪ፣ የውጤት መግለጫውን፣ የመውጫ ፈተና ውጤቱን፣ ሁለት ሁለት ኮፒና ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ ይዛ ከጀሞ ወጣች። ሳሪስ ላይ ታክሲ ቀይራ፣ ቃሊቲ ላይ ደግሞ ተሰልፋ፣ ፋብሪካው በር ላይ የደረሰችው 10 ሰዓት ከሃያ ነበር። የበሩ ጥበቃ ምን ፈልጋ እንደመጣች ሳይጠይቅ «ለሒሳቡ ነው? በግራ በኩል» አላት። የመዝገብ ቁጥሯ 318 ሆኖ ተመዘገበች።

ተመዝግባ ስትወጣ በር ላይ ሌሎች ሁለት ወጣቶችን አገኘች። አንዱ 1,850 ብሩን ከፍሎ «ለቃለ መጠይቅ» የመጣ ነበር። ጥበቃው ሦስተኛው ሰው መሆኑን ነገረው።

የጽሑፍ ፈተናው በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ተሰጠ። ውጤቱ ሲለጠፍ በተጠባባቂነት ሁለተኛ ሆናለች። ከዚያ በኋላ አልተጠራችም።

## የተላኩት ማስረጃዎች

ገንዘብ አልጠፋም፤ የዲግሪዋ ቅጂና የመታወቂያዋ ፎቶ ግን በማይታወቅ ሰው እጅ ቀርቷል። በቴሌግራም የግል መልእክትን ከሁለቱም ወገን ማጥፋት ስለሚቻል አጥፍተነዋል፤ ሆኖም ሰውየው ቀድሞ አስቀምጦት ከሆነ ማጥፋቱ ዋጋ የለውም። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል የሚገቡላትን አጭር መልእክቶች እንድትጠነቀቅ ነገርኳት። በእርግጥም በሦስተኛው ቀን «ማመልከቻዎን ለማጠናቀቅ በስልክዎ የደረሰውን ኮድ ይላኩ» የሚል መልእክት መጣ። ኮዱ የቴሌግራም መግቢያ ኮድ ነበር። ብትልከው የገዛ አካውንቷ ተወስዶ በስሟ ሌሎች ባቾቿን ለማጭበርበር ይውል ነበር። አልላከችም፤ በቅንብሩ ውስጥ ያለውን ሁለተኛ የይለፍ ቃልም በዚያው ዕለት አበራንላት።

ከዚህ በኋላ ማስረጃ በስልክ የሚላክ ከሆነ በኮፒው ላይ በእስክሪብቶ አግድም «ለ… ድርጅት ለሥራ ማመልከቻ ብቻ» ብላ ቀኑን ጽፋ ፎቶ ታነሳለች። የመታወቂያ ፎቶና የፋይዳ ቁጥር በመጀመሪያው ዙር ለማንም አትልክም፤ ቀጣሪ እነዚህን የሚፈልገው ሲቀጥር ነው።

ለቻናሉ አስተዳዳሪም ጽፈን ነበር። «ተከፍሎበት የወጣ ማስታወቂያ ነው፣ እኛ አናውቅም» አለ። የጋዜጣውን ቁራጭ ጎን ለጎን አድርገን ስንልክለት ከሁለት ቀን በኋላ አነሳው፤ ለተከታዮቹ ግን ምንም አልተናገረም። የማመልከቻው አድራሻ በዚያ መካከል ስሙን ቀይሯል።

## ያልሠራው

አንዳንዱ ዘዴ ድካም ብቻ ሆኖ ቀርቷል። የደብዳቤውን ዓርማ በምስል ፍለጋ ማጣራት ወደ እውነተኛው ድርጅት ነው የመራን፤ ዓርማው እውነተኛ ስለሆነ። በግሩፕ ውስጥ «ይህን የሚያውቅ አለ?» ብሎ መጠየቅም ብዙ አልጠቀመም፤ ከሚመልሱት አብዛኞቹ «እኔም ልኬአለሁ» የሚሉ ናቸው፤ አንዷ አመልካች መላኳ ለሌላዋ እንደ ማስረጃ ይቆጠርና ሁሉም እርስ በርስ ይደገፋሉ። ከአንድ ሰው ብቻ የሚረባ መልስ አገኘን፤ እሱም እዚያው ድርጅት ውስጥ የሚሠራ ባቿ ነበር። ጥያቄያችንን ከዚያ ወዲህ «እዚያ የሚሠራ ሰው የምታውቁ አላችሁ?» ወደሚል ለወጥነው።

የእኔ ስሕተት ግን የከበደ ነው። በኅዳር መጀመሪያ አንድ አነስተኛ አገር በቀል ድርጅት የፕሮጀክት ሒሳብ ረዳት እንደሚፈልግ በሒሳብ ባለሙያዎች ግሩፕ ወጥቶ ነበር። ማመልከቻው የሚላከው ወደ ተራ የጂሜል አድራሻ ነው፤ ድረ ገጽ የለም፤ ማስታወቂያውም በጋዜጣ አልወጣም። «ይህማ አይሆንም፣ እለፊው» አልኳት። ከአንድ ወር በኋላ ባቿ የሆነች ልጅ እዚያ መቀጠሯን ሰማን። ድርጅቱ እውነተኛ ነበር፤ የራሱ የኢሜይል አድራሻ የሚገዛበት በጀት አልነበረውም። ቢሮው ደግሞ ከጀሞ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። በአካል ሄዶ የበሩን ምልክት አይቶ መመለስ ይቻል ነበር። የማስታወቂያውን ውበት እየመዘንኩ የአድራሻውን ቅርበት አላየሁም።

ያኔ ነው ደንቡን ያሻሻልነው። ዓምዱ ባዶ ሲሆን «አይላክም» የሚለው ቀርቶ «በአካል ይታይ» ተባለ።

## ሥራው የተገኘበት መንገድ

ሥራውን ያገኘችው ከየትኛውም ቻናል አልነበረም። የሰፈር ሴቶች ግሩፕ ውስጥ አንዲት እናት በድምፅ መልእክት «መርካቶ ውስጥ የግንባታ ዕቃ የሚያከፋፍል ሰው አለ፤ ሒሳብ የምትይዝለት የተማረች ልጅ ይፈልጋል» አሉ። የድርጅቱ ስም የለም፤ ደመወዝ የለም፤ የሚዘጋበት ቀን የለም። በመጀመሪያው ደንባችን ቢሆን ኖሮ ይህ መልእክት ደብተሩ ውስጥ እንኳ አይገባም።

እኚህን እናት አክስቷ ያውቋቸዋል፤ ይህ ጥሩ ጅምር ቢሆንም በቂ አልነበረም፤ እሳቸውም ከሌላ ሰው የሰሙትን ነው ያስተላለፉት። ማን እንደነገራቸው ጠየቅን። ቤታቸውን ሲያድሱ ቀለም የገዙበት ነጋዴ ራሱ ነው የነገራቸው። ደረሰኙ አለ ወይ ብንል ከመሳቢያ ተገኘ። በካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ አናት ላይ የነጋዴው ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይታተማል። ቁጥሩን በንግድ ሚኒስቴሩ የኦንላይን አገልግሎት etrade.gov.et ላይ አስገብተን የንግድ ፈቃዱን አየን፤ ስሙና የንግድ ዘርፉ ከደረሰኙ ጋር ገጠመ።

የዚህ ማጣሪያ ገደብ ግን መታወቅ አለበት። በዚህ መንገድ የሚታወቀው ፈቃዱ መኖሩ ብቻ ነው። በፋብሪካው ስም የጻፈላት አጭበርባሪም የፋብሪካውን ቁጥር ሰጥቷት ቢሆን ኖሮ ፈቃዱ ሳይታገድ ይታይ ነበር። እዚህ ጋ የጠቀመን ቁጥሩን ያገኘነው ከሚቀጥረው ሰው ሳይሆን ከሱቁ ደረሰኝ በመሆኑ ነው።

ሱቁ ድረስ አክስቷ አብረዋት ሄዱ፤ ቀን፣ በሥራ ሰዓት። የጎረቤት ሱቅ ሠራተኞችን ስለ ሰውየው ጠየቁ። ከዚህ በፊት ሒሳብ ትይዝ የነበረችው ልጅ ለምን እንደወጣች ሲጠይቁ አግብታ አዳማ መሄዷን ሁለት ሰው ለየብቻ ነገራቸው። ነጋዴው ቃለ መጠይቁን ያደረገው እዚያው መጋዘኑ ውስጥ፣ በካርቶን መካከል ቆሞ ነበር። የጠየቃት ስለ ተጨማሪ እሴት ታክስ ወርኃዊ ማስታወቂያ ነው፤ መለሰችለት።

የሥራ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን ጠየቀች፤ እሱም በሚቀጥለው ቀን አዘጋጀ። የሙከራ ጊዜው መጀመሪያ ሦስት ወር ተብሎ ተጽፎ ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ60 የሥራ ቀናት በላይ የሙከራ ጊዜ እንደማይፈቅድ ስትነግረው ሳይከራከር አስተካከለው። በታኅሣሥ አጋማሽ ሥራ ጀመረች።

## ወደ ሌላ ጉዳይ የሚሻገር ትምህርት

ከሁሉ በላይ ልዩነት ያመጣው የማስታወቂያውን እውነትነትና የአድራሻውን እውነትነት ለየብቻ ማየት ነው። እውነተኛ ማስታወቂያ ላይ የተተከለ ሐሰተኛ አድራሻ ከተፈጠረ ማስታወቂያ ይልቅ አደገኛ ነው፤ ምክንያቱም አመልካቹ በጋዜጣው ውስጥ ሲያገኘው ይረጋጋል። ስለዚህ ሁለቱን ቅጂዎች ጎን ለጎን አድርጎ የመጨረሻዎቹን ሦስት መስመሮች ፊደል በፊደል ማመሳከር ያስፈልጋል። ማመልከቻ የሚላከው በዋናው ቅጂ ላይ ወዳለው አድራሻ ብቻ ነው። ይህን በደብተሩ ላይ እንደ አዲስ ዓምድ አስገብተነዋል፤ «አድራሻው ተመሳክሯል» የሚል።

ቀጥሎ ያለው የቀን ስሌት ነው። ማስታወቂያ የወጣበትንና የሚዘጋበትን ቀን የሚያውቅ ሰው ከመዘጋቱ በፊት የሚመጣን «ተመርጠዋል» ወዲያው ያውቀዋል። ያው ስሌት ባለቀ ምዝገባ ላይ ከመሄድም ያድናል። እሷ ይህን ከጀመረች ወዲህ በተዘጋ በር ላይ አልቆመችም።

ቀጣሪውን ከማስታወቂያው ውጭ በሚገኝ ስልክ መጠየቅ በከተማ ውስጥ ከሚታሰበው በላይ ቀላል ነው። የምርት ማሸጊያ፣ የግዢ ደረሰኝ፣ የድርጅቱ መኪና ጎን፣ የበር ምልክት ሁሉም ስልክ ወይም አድራሻ ይሰጣሉ። ስልክ ካልተነሳ ጥበቃውን መጠየቅ ይቻላል፤ ምዝገባ መኖር አለመኖሩን ከዋና ሥራ አስኪያጁ በፊት የሚያውቀው እሱ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ቀጣሪው በታክሲ በሚደረስበት ሲሆን ነው። በእነዚሁ ቻናሎች ውስጥ የባሕረ ሰላጤው አገሮች የሥራ ማስታወቂያ በብዛት ይወጣል፤ እዚያ በር ላይ ቆሞ ጥበቃ መጠየቅ አይቻልም። ለእነዚያ መነሻው ኤጀንሲው ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ፈቃድ ያለው መሆኑን ራሱን ሚኒስቴሩን መጠየቅ ሲሆን፣ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጁ የቪዛና የደርሶ መልስ የአውሮፕላን ትኬት ወጪ የአሠሪው እንዲሆን የደነገገ በመሆኑ፣ ለትኬትና ለቪዛ ከሠራተኛዋ ገንዘብ የሚጠይቅ ማስታወቂያ ኤጀንሲው እውነተኛ ቢሆን እንኳ ሕጉን የጣሰ ነው። ባቾቿ ግሩፕ ውስጥ ሁለት ልጆች በዚህ መንገድ ለመሄድ እየተዘጋጁ ነበር፤ ደብተሩን ለእነሱ ሰጥታቸዋለች፤ «መጀመሪያ የወጣበት» የሚለው ዓምድ ላይ አሁን የኤጀንሲው የፈቃድ ቁጥር ይጻፍበታል።